መረጃህ አንድ ነገር ይላል፣ ምክረ ሐሳብህ ሌላ፦ የኩፍኝ ወረርሽኝ ሪፖርት አጻጻፍ

ጥያቄ፦ «የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኝ ነኝ። በአንድ ወረዳ አምስት ቀበሌዎች የተነሣ የኩፍኝ ወረርሽኝ መርምሬ ሪፖርት ጻፍኩ። 62 ታማሚዎችና 2 ሞት ነው የተመዘገበው። አማካሪዬ ‘መረጃህ ጥሩ ነው፣ ሪፖርቱ ግን አይያያዝም፤ ከኬዝ ትርጓሜው ጀምረህ እንደገና ጻፈው’ ብላ መለሰችልኝ። ወረዳው የክትባት ሽፋኑ 96 በመቶ ነው ይላል፤ ከታመሙት ሕፃናት ግን ግማሽ ያህሉ የተከተቡ ናቸው። ስለዚህ የፍሪጅ ችግር ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ረቂቁንና የታማሚዎቹን ዝርዝር፣ ላይን ሊስቱን፣ አያይዣለሁ። መምህር፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ምላሽ፦

ከሁሉ በፊት አንድ ተግሣጽ። የላክህልኝ ላይን ሊስት የልጆቹንና የእናቶቻቸውን ስም እንደያዘ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መውጣት አልነበረበትም። ስሞቹን አጥፍተህ መለያ ቁጥር ብቻ አስቀር፤ እኔም የእኔን ቅጂ አጥፍቻለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ቁጥሮችና ቀኖችም ወረዳው እንዳይለይ ጥቂት ለዋውጫቸዋለሁ፤ የነገሩ አካሄድ ግን ያው ያንተው ነው።

አማካሪህ ልክ ናት። የመስክ ሥራህ ደህና ነው፤ የተሰበረው ሰንሰለቱ ነው። በረቂቅህ ውስጥ ትርጓሜው ከታማሚዎቹ ዝርዝር ጋር አይገጥምም፣ ዝርዝሩ ከመደምደሚያው ጋር አይገጥምም፣ ምክረ ሐሳቡ ደግሞ ከሁሉም ተለይቶ ቆሟል። በቅደም ተከተል እንሂድ።

የኬዝ ትርጓሜህ «ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት፣ የኩፍኝ ክትባት ያልወሰደ ወይም ያላሟላ ልጅ» ይላል። ላይን ሊስትህን ስከፍተው ግን የተከተቡ ልጆችም፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ ስድስት ሰዎችም አሉበት። በመስክ የሠራህበት ትርጓሜ ሌላ ነበር፣ ቢሮ ተመልሰህ የጻፍከው ሌላ ነው ማለት ነው። ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክትባት አለመውሰድ ልትፈትነው የሄድክበት መላምት ነው፤ መላምቱን ትርጓሜው ውስጥ ካስገባኸው የተከተበ ታማሚ በትርጉም የለም፤ ከዚያ በኋላ የምታሰላው የክትባት ውጤታማነት ሁሉ ራሱን በራሱ የሚያረጋግጥ ከንቱ ሒሳብ ይሆናል። ትርጓሜ ውስጥ የሚገቡት ምልክቱ፣ ሰውየው፣ ቦታውና ጊዜው ናቸው። በቃ።

እንዲህ ብትጽፈው ከሠራኸው ጋር ይገጥማል፦ «ከጥር 1 እስከ መጋቢት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአምስቱ ቀበሌዎች የኖረ ወይም የቆየ፣ ዕድሜው ማንኛውም የሆነ፣ ትኩሳትና ውኃ ያልቋጠረ ሰውነትን ያዳረሰ ሽፍታ ኖሮት ከሳል፣ ከአፍንጫ ፈሳሽ ወይም ከዓይን መቅላት ቢያንስ አንዱ የታየበት ሰው።» «ውኃ ያልቋጠረ» የሚለውን በዋዛ እንዳታየው፤ ጉድፍን የሚያስቀርልህ እሱ ነው። ከዚያ የተጠርጣሪውን፣ በላቦራቶሪ የተረጋገጠውን፣ ከተረጋገጠ ታማሚ ጋር በነበረው ንክኪ የተያያዘውን እየለየህ ስንት ስንት እንደሆኑ ጻፍ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ሲያስሱ የተጠቀሙበት «ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ማንኛውም ሰው» የሚለው የማኅበረሰብ ትርጓሜም ነበር አይደል? እሱንም ጻፈው። ሰፊውን ትርጓሜ ለፍለጋ፣ ጠባቡን ለትንተና መጠቀም ነውር የለውም፤ ነውሩ መደበቁ ነው።

ከአምስቱ የደም ናሙናዎች አንዱ ኔጋቲቭ ስለሆነ ልጁን ከዝርዝር አውጥተኸዋል። መልሰው። ናሙናው የተወሰደው ሽፍታው በወጣ በሁለተኛው ቀን ነው። ሽፍታው ከወጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የአይ ጂ ኤም ምርመራ ኔጋቲቭ ቢሆን ኩፍኝ አይደለም ለማለት አይበቃም፤ ድጋሚ ናሙና ይወሰዳል። አሁን ጊዜው ካለፈ፣ ልጁ ከተረጋገጠ ታማሚ ጋር አንድ ቤት ይኖር ስለነበር በንክኪ የተያያዘ ብለህ መድበውና ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዳ። አራቱ ፖዚቲቭ ስለሆኑ ወረርሽኙ መረጋገጡን ይህ አይነካውም፤ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት የተረጋገጡ ታማሚዎች በቂ ናቸው።

አሁን ወደ ቀኖቹ። የወረርሽኙ ግራፍህ ወገቡ ላይ እንደ ግመል ሻኛ ያበጠው ለምን እንደሆነ ፈልጌ አገኘሁት። ግራፉን የሠራኸው ታማሚው በተመዘገበበት ቀን ነው፤ አሰሳ በተደረገበት ቀን 14 ሰው በአንድ ጊዜ ተመዝግቧል። ሽፍታው በወጣበት ቀን አድርገው። ሁለተኛው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ 12/5 ብላ የጻፈችው ጥር 12 ማለቷ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ያስገባው ሰው ሜይ 12 ብሎ ተርጉሞታል። እንዲህ ያሉ ሰባት መስመሮች አግኝቻለሁ። በአገራችን የወረርሽኝ መረጃ ውስጥ ይህን ያህል የተለመደ ስሕተት አላውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመስክ ሁሉንም ቀን የወሩን ስም በፊደል እየጻፉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መያዝ፣ መለወጥ ካስፈለገም በመጨረሻ አንድ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲለውጥ ማድረግ።

ቀኖቹን አስተካክዬ በሦስት በሦስት ቀን ከፍዬ ስሠራው ግራፉ ጠራ። በአሰሳ የተገኘው የመጀመሪያው ልጅ ሽፍታው የወጣው ጥር 7 ነው። ከዚያ ከጥር 18 እስከ 23 ዘጠኝ ሰዎች፣ ከየካቲት 1 እስከ 8 ሃያ ሰባት፣ ከየካቲት 13 እስከ 22 ሃያ አንድ፣ ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 3 አራት። በየማዕበሉ መካከል ሁለት ሳምንት ገደማ አለ፤ ኩፍኝ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ተላልፎ ሽፍታ እስኪያወጣ የሚፈጀው ጊዜም ይኸው ነው። እንዲህ በማዕበል የሚሄድ ግራፍ ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ያለ ብዙ ቃል ይናገራል። በሳምንት ከፍለኸው ቢሆን ኖሮ ማዕበሎቹ ተቀላቅለው ይጠፉ ነበር።

ይኸው ግራፍ «የክትባት ዘመቻው ወረርሽኙን አቆመው» የሚለውን ዐረፍተ ነገርህንም ይፈትነዋል። ዘመቻው የተጀመረው የካቲት 20 ነው። ከሃያ ሰባት ወደ ሃያ አንድ የወረደው ከዚያ በፊት ነው፤ የካቲት 22 ሽፍታ የወጣበት ልጅ ቫይረሱን የያዘው ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት ነው። ከሃያ አንድ ወደ አራት መውረዱ ላይ ዘመቻው ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ያልተያዘና ያልተከተበ ልጅ በነዚያ ጎጦች እያለቀ መምጣቱም ድርሻ አለው። እንዲህ ብለህ ጻፍ። አንባቢህ ያልከውን የሚያምንህ፣ ያላልከውን ለምን እንዳላልክ ሲያይ ነው።

ሰንጠረዥ 2 ላይ «በይበልጥ የተጠቁት ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉት ናቸው» ብለሃል፤ 24 ታማሚዎች ስላሉባቸው። ግን በአምስቱ ቀበሌዎች በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች 6,800 ናቸው። ከአንድ ዓመት በታች ያሉት ታማሚዎች 10 ብቻ ይሁኑ እንጂ የተገኙት ከ700 ሕፃናት መካከል ነው። ስታካፍለው፣ ከ10,000 ሰው ከአንድ ዓመት በታች 143፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት 85፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት 35፣ ከዚያ በላይ 4 ሰው ታሟል። ሥዕሉ ተገለበጠ። አካፋዩ የሕዝብ ቁጥር ትንበያ መሆኑን፣ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራም የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. መሆኑን በውስንነት ክፍል ጥቀስ፤ ይህ ሐቅ በኋላም ይመለስብናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፍሪጁ እንምጣ። ከታመሙት መካከል የተከተቡ መኖራቸው ብቻውን ክትባቱ መበላሸቱን አያሳይም። በዘጠኝ ወር የሚሰጥ አንድ የኩፍኝ ክትባት በደንብ ተይዞም የሚከላከለው ለ85 በመቶ ያህሉ ልጆች ነው። አንድ ቀበሌ ልጆቹን በሙሉ ቢከትብ፣ በዚያ ቀበሌ የሚታመም ልጅ ሁሉ የተከተበ ይሆናል፤ ሌላ ልጅ የለምና። ስለዚህ የሚጠየቀው «ከታማሚዎቹ ስንቱ ተከትበዋል?» ብቻ ሳይሆን «ካልታመሙት ጋር ሲነጻጸርስ?» ነው።

ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉት ታማሚዎችህ 22 ናቸው፤ የሁለቱ የክትባት ሁኔታ አይታወቅም። ከቀሩት 20 ዘጠኙ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትበዋል፣ ማለትም 45 በመቶ። የታማሚዎቹን ድርሻ ከሕዝቡ ሽፋን ጋር በሚያነጻጽረው ፈጣን ስሌት፣ VE የክትባቱ ውጤታማነት፣ PCV ከታማሚዎች የተከተቡት ድርሻ፣ PPV ደግሞ የሕዝቡ ሽፋን ነው፦

```
VE = 1 - [PCV/(1-PCV)] x [(1-PPV)/PPV]
VE = 1 - [0.45/0.55] x [0.04/0.96] = 0.966
```

ወረዳው የሰጠህን 96 በመቶ ስታስገባ የክትባቱ ውጤታማነት 97 በመቶ ገደማ ሆነ። ለአንድ ዶዝ ይህ ከሚገባው በላይ ነው። አየህ፣ ሽፋኑ እውነት ቢሆን ኖሮ ክትባቱ ከተለመደውም የበለጠ ሠርቷል ማለት ነው፤ ፍሪጁ ተበላሽቷል የሚለው መደምደሚያህ ከራስህ ቁጥር ጋር ተጋጨ። ስሌቱን ወደ ኋላ ስንሠራው፣ ማለትም ውጤታማነቱ 85 በመቶ ነው ብለን ሽፋኑን ስንፈልግ፣ 85 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሪፖርት የተደረገው 96 ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከአካፋዩ ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ያሉት ሕፃናት በቀበሌው ካሉት ያነሱ ከሆነ ሽፋን በቀላሉ ወደ መቶ ይጠጋል።

ደግሞ ይህን ማረጋገጫ ሠርተኸዋል፤ አባሪ 4 ውስጥ ቀብረኸው ነው እንጂ! ለ20ዎቹ ታማሚዎች በዚያው ዕድሜ ያሉ 40 ያልታመሙ ልጆችን ወስደሃል፤ ከእነሱ 33ቱ ተከትበዋል፣ 7ቱ አልተከተቡም። ያልተከተበ ልጅ ከተከተበው ጋር ሲነጻጸር ከታማሚ ወገን የመሆኑ ኦድስ ሬሾ 5.8 ይመጣል፤ የ95 በመቶ መተማመኛው ከ1.7 እስከ 19 ነው። ከዚህ የሚወጣው የክትባት ውጤታማነት፣ ማለትም 1 - 1/5.8፣ 83 በመቶ ነው፤ ከሚጠበቀው ጋር ይገጥማል። መተማመኛው ሰፊ መሆኑን አትደብቅ፤ በ60 ልጅ ከዚህ የጠበበ አይገኝም። ማነጻጸሪያዎቹን ከታማሚው ቤት ጀምረህ ሦስተኛውን ቤት እያንኳኳህ መምረጥህ ደግ አድርገሃል። ብዙ ሠልጣኝ ወደ ጤና ኬላው ሄዶ ለክትባት የተሰለፉትን ይወስዳል፤ እነዚያ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይልቅ የተከተቡ ስለሚሆኑ ውጤቱ ክትባቱን ከሚገባው በላይ ያሞግሰዋል። አንድ ጉድለት ግን አለብህ፦ በካርድ የተረጋገጠውንና በእናት ቃል የተመዘገበውን ለይተህ አላሳየህም። ሁለቱን ለየብቻ በሰንጠረዥ አስቀምጣቸው።

ፍሪጁ በእርግጥ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይታወቅ ነበር? ውጤታማነቱ በግልጽ ዝቅ ይል ነበር። ከዚያም በላይ፣ የተከተቡት ታማሚዎች አንድ ቦታ ይከማቹ ነበር፤ በአንድ ጤና ኬላ፣ ወይም ፍሪጁ በተቋረጠባቸው ወራት የተከተቡ ሆነው ይገኙ ነበር። የዘጠኙን ልጆች ካርድ አየሁት፤ በአራት ጤና ኬላዎች፣ በተለያዩ ዓመታት የተከተቡ ናቸው። የሙቀት መዝገቡም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው። አንተ ያየኸው ፍሪጅ መያዣው የተሰበረ፣ በገመድ የታሰረ ነበር። ዓይን የሚስብ ነገር ነው፤ ፎቶውንም ሪፖርቱ ላይ አድርገኸዋል። እኔም በሠልጣኝነቴ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የተሰነጠቀ የውኃ ጋን አይቼ ወረርሽኙን ሁሉ በእሱ አሳብቤ ነበር፤ ናሙናው ንጹሕ ሆኖ ሲመለስ ያፈርኩትን አልረሳውም።

ያንተ መረጃ የሚያሳየው ሌላ ቦታ ነው። ካልተከተቡት 11 ታማሚዎች ሰባቱ ከወንዙ ማዶ ካሉት ሁለት ጎጦች ናቸው። በቃለ መጠይቅህ ላይ፣ ድልድዩ በክረምት ከተወሰደ ወዲህ ወደነዚያ ጎጦች ይሄድ የነበረው የመስክ ክትባት ከነሐሴ ጀምሮ እንደተቋረጠ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነግራሃለች። ያ ዐረፍተ ነገር በገጽ 11 ላይ፣ በ«ሌሎች ግኝቶች» ሥር ተቀምጧል። የሪፖርትህ ልብ እሱ ነው። ክትባቱ አልከሸፈም፤ ልጆቹ ዘንድ አልደረሰም። ከነሐሴ በፊት መከተብ የነበረባቸውም ሳይከተቡ ቀርተው ከሆነ፣ ድልድዩ ከመወሰዱ በፊትም መንገዱ ችግር እንደነበረበት ስለሚጠቁም የሰባቱን የልደት ቀን አይተህ ጨምርበት።

ምክረ ሐሳቡ ከዚህ ይከተላል። «አዲስ ፍሪጅ ይገዛ» የሚለውን ሰርዝ። «የማኅበረሰቡ ግንዛቤ ይጎልብት» የሚለውንም አብረህ ሰርዝ፤ ይህ ዐረፍተ ነገር የሌለበት የወረርሽኝ ሪፖርት አንብቤ አላውቅም፣ በእሱ ምክንያት አንድ ልጅ ሲከተብም አላየሁም። በምትኩ፦ ጤና ጣቢያው በማዶዎቹ ሁለት ጎጦች በየወሩ በታወቀ ቀን የመስክ ክትባት ይጀምር፣ የመጀመሪያው እስከዚህ ቀን ይደረግ፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የአምስቱን ቀበሌ ሕፃናት ቤት ለቤት ቆጥሮ የሽፋኑን አካፋይ ያርም። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። የኃላፊው ስም ሳይሆን የሥራ መደቡ ይጻፍ።

የቁጥጥር ሥራው ክፍል ላይ ዘመቻው ከ6 እስከ 59 ወር ያሉትን መሸፈኑን ጽፈሃል፣ ለምን እንደሆነ ግን አልጻፍክም። ስድስት ታማሚዎችህ ከዘጠኝ ወር በታች ስለሆኑ ከስድስት ወር መጀመሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን በስድስት ወር የተሰጠው ዶዝ እንደ መደበኛ አይቆጠርም፤ ሕፃኑ በዘጠኝና በ15 ወሩ ተመልሶ መከተብ አለበት። ይህ ለእናቶቹ ተነግሯቸዋል? ካልተነገረ፣ ይህም ምክረ ሐሳብ ነው። በላይኛው ጫፍ ደግሞ ከታማሚዎቹ 30ው ከአምስት ዓመት በላይ ናቸው፣ ግማሽ ሊሆኑ ትንሽ ነው የቀራቸው። ዕድሜውን ወደ 14 ዓመት ያላሳደጋችሁት ክትባቱ ስላልበቃ እንደሆነ በስልክ ነግረኸኛል። ጻፈው! ያልተሸፈኑት ልጆች እንዳልተሸፈኑ ወረዳው ማወቅ አለበት። ቫይታሚን ኤ ለስንቱ ታማሚ በየዕድሜው ልክ እንደተሰጠም በቁጥር አስቀምጥ፤ «ተሰጥቷል» አይበቃም።

ሁለቱ ሞቶች አንድ አንቀጽ ይገባቸዋል። በጤና ተቋም የታዩት 41 ታማሚዎች ናቸው፣ ከእነሱ የሞተ የለም። ሁለቱም የሞቱት በቤታቸው ነው፤ የተገኙትም በአሰሳ ነው። አሰሳው ባይኖር ሪፖርትህ «ሞት የለም» ይል ነበር፤ አሁን ግን ከ62ቱ 2፣ ማለትም 3.2 በመቶ ነው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ ከተወጋ ይከፋበታል እየተባለ ከቤት እንደማይወጣ እናቶቹ ነግረውሃል። እዚህ ላይ ግንዛቤ ከሚል አጠቃላይ ቃል ይልቅ፣ ይህን አንድ እምነት ለይቶ ከጎጡ አዋቂዎችና ከቀሳውስቱ ጋር ስለ መነጋገር ብትጽፍ ሰው የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።

የተማርነው ትምህርት የሚለው ክፍል ብዙውን ጊዜ «የቡድን ሥራ ወሳኝ ነው» በሚል ይሞላል። አንተ ግን ቀኖች አሉህ፤ እነሱን ደርድር። የመጀመሪያው ሽፍታ ጥር 7፣ ወረርሽኙ የታወቀው የካቲት 3፣ ለዞን የተነገረው የካቲት 4፣ ክትባት የተጀመረው የካቲት 20። ለማወቅ 26 ቀን፣ ለመናገር 1 ቀን፣ ምላሽ ለመጀመር 16 ቀን። በሰባት ቀን መለየት፣ በአንድ ቀን ማሳወቅ፣ በሰባት ቀን የመጀመሪያውን ምላሽ ማሟላት ከሚለው ዒላማ ጋር ስታስተያየው ማሳወቁ ብቻ ነው በጊዜው የሆነው። ከዚያ ለምን ብለህ ጠይቅ። ለ26ቱ ቀን ምክንያቱ ያው የማዶው መንገድ ነው፤ የመጀመሪያው ማዕበል ሲያልፍ ማንም ከዚያ አልመጣም፣ ወደዚያም አልሄደም። ለ16ቱ ቀን ምክንያቱ በማስታወሻህ ጥግ ላይ አለ፦ የክትባት መጠየቂያው ደብዳቤ ለፊርማ ዘጠኝ ቀን ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ማንንም ሳትከስ፣ ደብዳቤው ከየካቲት 6 እስከ 15 ሳይፈረም መቆየቱንና ፈራሚው በሌለበት የሚተካው ሰው አለመሰየሙን ጻፍ። ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ ሊለወጥ የሚችል ነገር ይህ ነው።

የአጻጻፍ ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ሰንጠረዦቹንና ግራፉን መጀመሪያ ጨርስ፣ ከዚያ ውጤቱን፣ ከዚያ ምክረ ሐሳቡን ጻፍ፤ እያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ጎን በእርሳስ የተነሣበትን ሰንጠረዥ ቁጥር ጻፍበት። ቁጥር ያጣህለት ምክረ ሐሳብ ይውጣ። አጠቃሎው በመጨረሻ ይጻፋል። ለፕሮግራሙ የምታስገባው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ለወረዳው ሁለት ገጽ በአማርኛ አዘጋጅተህ ላክ፤ የወንዙን ማዶ ክትባት የሚጀምሩት እነሱ ናቸው።

«ወረርሽኙ ተጠናቋል» የሚለውን የመጨረሻ መስመር ለጊዜው አውጣው። የመጨረሻው ሽፍታ መጋቢት 3 ነው። ኩፍኝ ሰውን ከያዘ በኋላ ሽፍታ እስኪያወጣ የሚቆይበት ረጅሙ ጊዜ 21 ቀን ስለሆነ ሁለት እጥፉ፣ 42 ቀን፣ አዲስ ታማሚ ሳይገኝ ማለፍ አለበት፤ ያ ሚያዝያ 15 ይሞላል። ከዚያ በፊት የምታስገባ ከሆነ «እስከ ዛሬ ቀን ድረስ አዲስ ታማሚ አልተገኘም፣ አሰሳው ቀጥሏል» በል፤ በማዶዎቹ ጎጦች አሰሳው እውነት መቀጠሉንም ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውለህ አረጋግጥ።